ለእንግዳ ጥያቄ የሚላክ ኢሜይል፦ ቴምፕሌት እየተጠቀምን እንዴት ለሰውየው የተጻፈ ይሁን?

ከሐይቁ ዳር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሪሴፕሽንም ቡኪንግም እኔው ነኝ። ኢሜይል የምመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ ክፍል አለ ወይ፣ ስንት ነው፣ ቁርስ ይጨምራል ወይ፣ ክፍያው እንዴት ነው። ሐምሌ 19 ሲቃረብ ለገብርኤል የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ ጥያቄው በአንዴ ይጎርፋል።

ስለዚህ ጂሜይል ላይ ቴምፕሌት ሠራሁ። በጣም ፈጣን ነው። ግን ሰሞኑን አንድ እንግዳ «ጥያቄዬን አንብበውታል?» ብለው ጻፉልኝ። ነገሩ ስለከነከነኝ እዚህ አመጣሁት። ስማቸውን ቀይሬ የእሳቸውንም የኔንም አስቀምጣለሁ።

የእሳቸው፦

> ጤና ይስጥልኝ። ለሐምሌ ገብርኤል ከእናቴ ጋር እንመጣለን። ሐምሌ 18 ገብተን 20 እንወጣለን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት አትችልም። ግራውንድ ላይ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይኖራችኋል? ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰን ባጃጅስ ይገኛል? አበበ ከበደ

ከቴምፕሌቱ የሄደው መልስ፦

> ውድ ደንበኛችን፣ እንደምን አደሩ? ማረፊያችንን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን። ንጹሕ፣ ምቹና ዘመናዊ ክፍሎች አሉን። የክፍሎቻችን ዋጋ ከታች ተዘርዝሯል። ዋጋው ቁርስን ይጨምራል። ክፍል የሚያዘው ግማሽ ክፍያ ሲፈጸም ነው። መግቢያ 8 ሰዓት፣ መውጫ 4 ሰዓት። ለበለጠ መረጃ ይደውሉልን።

እያንዳንዱን ከዜሮ ልጻፍ ብል አልችለውም። ቴምፕሌቱን ትቼ ሳይሆን ቴምፕሌቱን ይዤ ነው ማስተካከል የምፈልገው። እንዴት ነው የምትሠሩት?

---

የሺት ሰው

እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። ችግሩ «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ነው። ሰው ስሙን ሲያይ ይደሰታል። ጎግል ሺት ላይ ስም፣ ኢሜይል፣ ቀን፣ የክፍል ዓይነት ብለሽ ዓምድ ሥሪ። ከዚያ በስክሪፕት ስሙን እየለዋወጠ ራሱ ይልከዋል። አንቺ ሺቱን መሙላት ብቻ ነው። ከፈለግሽ ስክሪፕቱን እልክልሻለሁ።

---

ጋሽ መምህር

ጥሩ ርዕስ ነው የተነሣው። እኔም ትምህርት ቤት አካባቢ ነኝ። ለእንቁጣጣሽ ለ800 ያህል ወላጅ የመልካም ምኞት መልእክት መላክ እንፈልጋለን። በአንድ ጊዜ ለሁሉም ልኬ፣ ግን ለእያንዳንዱ በስሙ የተጻፈ እንዲመስል ማድረግ ይቻላል?

---

ጸሐፊዋ (አዳማ)

ጋሽ መምህር፣ የእርስዎ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ግን በአጭሩ ልመልስ። ለብዙ ሰው በአንድ መልእክት በቢሲሲ ሲላክ ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው። የእያንዳንዱን ስም ማስገባት አይቻልም። ተራ የጂሜይል አካውንት ደግሞ በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይልክም። ስለዚህ 800ው በሁለት ቀን ይከፈላል። ለበዓል መልካም ምኞት «ውድ ወላጆች» ማለት ምንም ነውር የለውም። ለሁሉም የተላከ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን ወደ ሐዋሳዋ። ከሺቱ ሰው ጋር አልስማማም። «ውድ አቶ አበበ» ብለሽ ያንኑ ብትልኪ ሰውየው ያንኑ ነበር የሚሉሽ። ደብዳቤያቸውን መልሰሽ እዪው። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። ደረጃ የሌለው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል አለ ወይ፣ ሌሊት ባጃጅ ይገኛል ወይ። ዋጋ አልጠየቁም። ከቴምፕሌቱ የደረሳቸው ግን ያልጠየቁት ዋጋ ነው። የጠየቁት አንዱም አልተመለሰም። «አንብበውታል?» ያሉት ለዚህ ነው።

ረጅም ዓመት በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ቴምፕሌት ውስጥ መግባት ያለበት ማንም ቢጠይቅ የማይለወጠው ብቻ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም፣ የባንክ ቁጥር፣ ደረሰኝ ወዴት እንደሚላክ። እነዚህን በእጅ መጻፍ የለብሽም። እንዲያውም በእጅ ሲጻፉ ነው አንድ ቁጥር የሚዘለው። የሞቀው ቃል ግን ቴምፕሌት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። «ስለመረጡን ከልብ እናመሰግናለን»፣ «ንጹሕ፣ ምቹና ዘመናዊ» የሚሉትን አውጪያቸው። ለሁሉም የሚላክ ምስጋና መሆኑን አንባቢ በመጀመሪያው መስመር ያውቃል። ያን ጊዜ የቀረውንም እንደ ማስታወቂያ ነው የሚያነበው።

በምትኩ ላዩን ባዶ ተዪው። ሰላምታው እንዳለቀ አንድ ክፍት ቦታ ይኑር። እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር በእጅሽ ትጽፊያለሽ። እነሱም ለጠየቁት የሚሰጠው መልስ ናቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየውን ያሳሰበው ይቅደም። አቶ አበበን ያሳሰባቸው የእናታቸው ጉልበት ነው። ስለ አየር ሁኔታ ወይም ስለ ሐይቁ ውበት መጨመር አያስፈልግም።

ቴምፕሌቱን እኔ ብሠራው እንዲህ ነው፦

```
ሰላም ###መጠሪያ###፣

###መልስ፦ መጀመሪያ ያሳሰባቸው፣ ቀጥሎ ሌላው###

ክፍሉ ከ###ቀን### እስከ ###ቀን### ነው፤ ###ስንት### ሌሊት።
ለአንድ ሌሊት ###ዋጋ### ብር ነው፤ ቁርስን ይጨምራል።
መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው።

ግማሹን እስከ ###ቀን### ካስገቡ ክፍሉ ይያዝልዎታል።
የባንክ ቁጥሩ ከታች አለ። ደረሰኙን በዚሁ ኢሜይል ይላኩልን።
```

ሲሞላ ደግሞ፦

> ሰላም አቶ አበበ፣
>
> ለእናትዎ የሚሆን ክፍል አለን። ግራውንድ ላይ ነው፤ ሁለት አልጋ አለው፤ ከግቢው በር እስከ ክፍሉ አንድም ደረጃ የለም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ብቻ ትንሽ ከፍታ ስላለ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ለባጃጁ፣ በዓሉ ሌሊት ከመንገድ ማግኘት ያስቸግራል። የምናውቀው ሾፌር አለ፤ የምትወጡበትን ሰዓት ከነገሩን ከዋዜማው እንቀጥርላችኋለን።
>
> ክፍሉ ከሐምሌ 18 እስከ ሐምሌ 20 ነው፤ 2 ሌሊት። …

ከዚያ በታች ያለውን ነገር ቴምፕሌቱ ሰጠሽ። በእጅ የተጻፈው ላይኛው አንቀጽ ብቻ ነው። «እናትዎ» የሚለውን እዪልኝ። እሳቸው «እናቴ» ካሉ አንቺም «እናትዎ» ትያለሽ። «አብሮዎት የሚመጣው እንግዳ» አይባልም። ሰው የራሱን ቃል ተመልሶ ሲያገኝ መነበቡን ያውቃል።

---

ከሐይቁ ዳር

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እውነትም ከፍታ አለ! እንደሱ ብዬ መጻፍ አስቤ አላውቅም።

አንድ ጥያቄ። ይሄ ሦስት አጥር ምንድነው? እኔ ባዶ ቦታዎቹን ቢጫ ቀለም ነበር የምቀባቸው፤ እንዳይረሱ።

---

ጸሐፊዋ

ቢጫው ጣጣ አለው። በተቀባው ላይ ስትጽፊ አዲሱ ጽሑፍም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እንግዳው ስማቸውን በቢጫ ቀለም ያዩታል። እሱን ካዩ ደግሞ ምን እንደተደረገ ይገባቸዋል። ሦስቱ አጥር ቀለም አይፈልግም፤ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥም አይመጣም። ከመላክሽ በፊት Ctrl+F ብለሽ `###` ትፈልጊያለሽ። አንድም ካልተገኘ ሁሉም ተሞልቷል። ከተገኘ ያ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእንግዳውን ስም ከራሳቸው ኢሜይል ገልብጠሽ ስትለጥፊ የፊደሉ መልክና መጠን አብሮ ይመጣል። ጽሑፉ በሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ስሙ ብቻ ወፍሮ ወይም አንሶ ይታያል። ይህ ነው ብዙ ጊዜ ቴምፕሌት መሆኑን የሚያጋልጠው። Ctrl+Shift+V ከተጠቀምሽ ጽሑፉ ያለ ቅርጹ ይለጠፋል።

ለማያውቅ ሰው ደግሞ፣ ጂሜይል ላይ ቴምፕሌት የሚከፈተው በኮምፒዩተር ነው። ከ `See all settings` ውስጥ `Advanced` ገብቶ `Templates` የሚለውን `Enable` ማድረግና `Save Changes` መጫን ነው። ከዚያ አዲስ መልእክት ላይ ጽሑፉን ጽፎ ከታች ባሉት ሦስት ነጥቦች `Templates` ገብቶ ማስቀመጥ ነው። `See all settings` ውስጥ ደግሞ `General` ላይ `Undo Send` የሚለውን ወደ 30 ሰከንድ ከፍ አድርጉት። ካልተነካ 5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 5 ሰከንድ ዓይን ለመመለስ አይበቃም።

---

የሺት ሰው

እትዬ፣ ስለ ስሙ ትክክል ነሽ፤ ስም ብቻውን አይበቃም። ግን የኔ መንገድም ቢሆን ያንቺን ሐሳብ ማስገባት ይችላል። «መልስ» የሚል ዓምድ እንጨምራለን። እሷ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሁለት ዓረፍተ ነገር እዚያ ትጽፋለች፤ የቀረውን ስክሪፕቱ ይቀጥልበታል። ዓምዱ ባዶ ከሆነ እንዲዘለው አድርጌዋለሁ። አይልክም፤ ድራፍት ብቻ ነው የሚያዘጋጀው።

```
function draftAll() {
  var rows = SpreadsheetApp.getActiveSheet()
    .getDataRange().getValues();
  for (var i = 1; i < rows.length; i++) {
    var r = rows[i]; // መጠሪያ, ኢሜይል, መልስ, ቋሚው ክፍል
    if (!r[2]) continue;
    GmailApp.createDraft(r[1], "ስለ ክፍል ጥያቄዎ",
      "ሰላም " + r[0] + "፣\n\n" + r[2] + "\n\n" + r[3]);
  }
}
```

---

ጸሐፊዋ

«ባዶ ከሆነ ዝለለው» ያልከው በጣም ጥሩ ነው፤ ወድጄዋለሁ። እንዲሁ በራሱ እንዲልክ ከማድረግ ድራፍት ማድረጉም ተሻሽሏል።

ግን ለዚህች ልጅ ጉዳይ አይሆንም። ይህ ስክሪፕት አዲስ ኢሜይል ነው የሚከፍተው። አቶ አበበ ከጻፉት ሥር መልስ ሆኖ አይገባም። እሳቸው የጠየቁት በአንድ ቦታ፣ መልሱ በሌላ ቦታ ይሆናል። ሳምንት ቆይተው «ባጃጁንስ ምን ነበር ያላችሁኝ?» ብለው ሲፈልጉ አያገኙትም። እንግዳ ለጻፈው መልስ የሚሰጠው `Reply` ተብሎ ነው።

ያንተ መንገድ የሚጠቅመው እሷ ቀድማ ለምትጽፈው ነው። ለምሳሌ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ክፍያ ላላስገቡ ማስታወሻ ለመላክ። ያ ላይ ሺት ያምራል፤ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ ሺቱ ላይ አለና።

---

የሥልጠና ክፍል (አዳማ)

ስለ መጠሪያው ትንሽ ልጨምር። እኛ ጋ ለሠልጣኞች ጥሪና ማረጋገጫ እንልካለን። አብዛኛው የውጭ ፎርም ስምን `First Name` እና `Last Name` ብሎ ነው የሚከፍለው። እንግሊዝኛ ቴምፕሌት ሲዘጋጅ ደግሞ ከ `Mr.` ቀጥሎ `Last Name` ይገባል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? አበበ ከበደን «ሚስተር ከበደ» ብለን እንጽፍለታለን። ከበደ አባቱ ናቸው። ደብዳቤው ለአባቱ የተጻፈ ይመስላል።

ስለዚህ ሺቱም ላይ ቴምፕሌቱም ላይ ስምን ከሌላ ቦታ እንዲያመጣ አናደርግም። «መጠሪያ» የሚል ራሱን የቻለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የምንጽፈው ሰውየው ፊት ለፊታችን ቢቆም የምንጠራበትን ነው። አቶ አበበ፣ ሲስተር እንትና፣ ዶክተር፣ ፓስተር። ፍንጩ የሚገኘው ራሳቸው ኢሜይላቸውን በፈረሙበት ነው። «ዶክተር» ብለው ከፈረሙ ዶክተር ናቸው።

ያስቸገረን አንድ ነገር ጾታ ነው። «ደስታ» ብሎ የፈረመ ሰው አቶ ይሁን ወይዘሮ አይታወቅም። «ውድ ደስታ» ወይም «ሰላም ደስታ» ካልን ግን ከጭንቀት እንወጣለን። «ክቡር» እና «ክብርት» ጾታ ይለያሉ፤ «ውድ» አይለይም። ከዚያ በታች ሁሉንም በ«እርስዎ» ከጻፋችሁት ግሡም ጾታ አይጠይቅም። «ይላኩልን»፣ «ካስገቡ»፣ «ይያዝልዎታል»። የእትዬ ቴምፕሌት ላይ ይህ በትክክል ተሠርቷል።

ድርጅት ሲጽፍላችሁ ግን «እርስዎ» አይሄድም። «ከስብሰባችሁ በፊት ብትነግሩን» መባል አለበት። እኛ አንዱን ቴምፕሌት እያቀያየርን ስንጠቀም «እርስዎ» እና «እናንተ» በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ይደባለቁብን ነበር። አሁን ሁለት ለየብቻ አሉን፤ አንዱ ለግለሰብ፣ አንዱ ለድርጅት።

«እንደምን አደሩ» የሚለውንም አውጪው። አንቺ ማታ ትጽፊያለሽ፣ እሳቸው ከሰዓት ያነቡታል። «ሰላም» ወይም «ጤና ይስጥልኝ» በማንኛውም ሰዓት ይሆናል።

---

ከሐይቁ ዳር

«እንደምን አደሩ» ላይ ልክ ነህ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር የላኩት።

እንግሊዝኛው ላይም ጥያቄ አለኝ። ለውጭ እንግዶች ያንኑ ቴምፕሌት ተርጉሜ ነው የምልከው። ሰዓቱንና ቀኑን ምን ታደርጋላችሁ?

---

ጸሐፊዋ

አትተርጉሚው፤ ለብቻው ሥሪው። ሰዓቱ ዋናው አደጋ ነው። የአማርኛው «8 ሰዓት» እንግሊዝኛው ላይ `2:00 PM` ነው። «4 ሰዓት» መውጫው `10:00 AM`። 8 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛው ከተሻገረ እንግዳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል።

ቀኑ ላይ ደግሞ ይህንን ልብ በዪ። የሐምሌ ገብርኤል ሁልጊዜ `July 26` ነው። ይህን ቴምፕሌት ላይ በቋሚነት ብትጽፊው ችግር የለውም። የታኅሣሡ ግን ይለያል። ታኅሣሥ 19 ብዙውን ጊዜ `December 28` ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን አዲሱ ዓመት `September 12` ላይ ስለሚገባ ታኅሣሥ 19 ወደ `December 29` ይሻገራል። በ2016 እንዲህ ነበር፤ በ2020ም እንዲህ ይሆናል። ሦስት ዓመት ልክ ሆኖ የሠራ ቴምፕሌት በአራተኛው ዓመት እንግዳውን አንድ ቀን ያስቀድመዋል። በዓሉ ላይ ሊደርስ የመጣው ሰው ደግሞ የያዘው ሌሊት ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የታኅሣሡን ቀን በ`###` ተዪውና በየዓመቱ ካላንደር አይተሽ ሙዪው።

---

ባለ ስልኩ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ ኮምፒዩተር ነው የምታወሩት። እኔም ሐዋሳ ነኝ፤ ሱቅ ነው ያለኝ። መብራት ሲጠፋ ወይም መንገድ ላይ ስሆን የምመልሰው በስልክ ነው። የጂሜይል አፕ ላይ ቴምፕሌት የሚባል ነገር አላገኘሁም። የተደበቀ ቦታ አለ?

---

የሺት ሰው

የተደበቀ ቦታ የለም። ስልኩ አፕ ላይ ቴምፕሌት አይወጣም፤ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። እኔ ቴምፕሌቶቼን ቴሌግራም ላይ `Saved Messages` ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ከዚያ ኮፒ አድርጌ ኢሜይሉ ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ስትጽፍለት ፈልጎ ያወጣልሃል፤ ለምሳሌ «ክፍያ-ማስታወሻ» ብለህ ከላይ ርዕስ ስጠው።

---

ጸሐፊዋ

እሱ ይሠራል። ግን አንድ ነገር ጠብቁ። ቴምፕሌቱ በሁለት ቦታ ከኖረ አንዱ ያረጃል። ጂሜይሉ ላይ ያለውን አስተካክለሽ ቴሌግራሙ ላይ ያለው ያምናው ሆኖ ይቀራል። ዋናው ቅጂ አንድ ጎግል ዶክ ላይ ይሁን። ሲለወጥ መጀመሪያ እዚያ ይለወጥ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይገልበጥ። ጂሜይል ውስጥ አንድ ሰው ባለው ቴምፕሌት ላይ ደርቦ ካስቀመጠ የቀድሞው ተመልሶ አይገኝም። በአንድ አካውንት ሁለት ሦስት ሰው ከሠራችሁ ይህ መድረሱ አይቀርም። ዶኩ ላይ ግን የቀድሞውን ማየት ይቻላል።

---

የሥልጠና ክፍል

እትዬ፣ አንድ ያልተስማማሁበት ነገር አለ። ዋጋውን `###` አድርገሽ ተውሽው። እኛ ዋጋ ቴምፕሌቱ ውስጥ ነው ያለው። በእጅ ሲጻፍ አንዱ ቀን 0 ይጨመራል፣ ሌላ ቀን 0 ይቀራል። ማታ ደክሞሽ ስትጽፊ ደግሞ ይብሳል። ያ ስህተት ከተላከ በኋላ ደንበኛው «የጻፋችሁልኝ ይህ ነው» ካለ ልክ ነው፤ መቀበል ግድ ይሆናል።

---

ጸሐፊዋ

ያንተ ፍርሃት እውነት ነው። የኔ ግን በተቃራኒው ነው። ማረፊያ ቤት ዋጋው በዓልና ተራ ቀን ይለያያል፤ በዓመት ውስጥም ይጨምራል። ቴምፕሌት ውስጥ የተቀመጠ ዋጋ ዓይን ለምዶት ያልፈዋል። ባዶ ቦታ ከሆነ ግን ታሪፉን ሳታይ መሙላት አትችልም። ሥልጠና ላይ ዋጋው ለአንድ ዙር አንድ ስለሆነ ያንተ መንገድ ይሄዳል። ለእሷ አይሄድም ባይ ነኝ።

---

የሥልጠና ክፍል

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቢያንስ የበዓሉን ዋጋ ለብቻው በሌላ ቴምፕሌት ማስቀመጥ ይሻላል እላለሁ። «ገብርኤል-ግለሰብ» ብሎ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ማጥፋት። ጂሜይል 50 ቴምፕሌት ድረስ ይይዛል፤ ቦታ አያንስም።

---

ጸሐፊዋ

ቦታ አያንስም፤ ግን 50 ቴምፕሌት ያለው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ሲፈልግ ከመጻፍ ይበልጥ ይቆያል። እኔ ከስምንት ከበለጡ መቀነስ እጀምራለሁ። የማይለወጠው ነገር አንድ ከሆነ ቴምፕሌቱም አንድ ነው። ለሕፃን አልጋ የጠየቀና ለፓርኪንግ የጠየቀ ሰው ሁለት ቴምፕሌት አይፈልጉም። ልዩነታቸው ያለው በእጅ የሚጻፈው አንቀጽ ላይ ነው።

---

ጋሽ መምህር

እየተከታተልኩ ነው። ለ800ው የተባለው ገብቶኛል፤ «ውድ ወላጆች» ብዬ በሁለት ቀን እልካለሁ። ሌላ ግን ልጠይቅ። ልጁ በተደጋጋሚ ለቀረ ወላጅ የምንልከው ደብዳቤም አለ። እሱም ተመሳሳይ ነው፤ «ልጅዎ በተደጋጋሚ ስለቀረ ቀርበው እንዲያነጋግሩን» የሚል። ወላጆች ተቆጥተው ነው የሚመጡት። እሱም ላይ ይህ ነገር ይሠራል?

---

ጸሐፊዋ

ጋሽ መምህር፣ ያ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ይፈልገዋል። «በተደጋጋሚ» የሚለውን ቃል ቴምፕሌት ውስጥ ካስቀመጡት ወላጁ መጀመሪያ የሚያነበው ክሱን ነው። ቋሚ የሚሆነው የት ቢሮ፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን እንደሚያነጋግሩ ነው። ላዩ ላይ ግን ቀኖቹ ይጻፉ። «ሰኞ እና ረቡዕ ልጅዎ ክፍል አልገባም፤ ማክሰኞ መጥቶ ነበር» ይበሉ። ማክሰኞ መጥቶ እንደነበር ከተጻፈ ወላጁ ልጁን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይረዳል። መምህሩ ሁለቱን መስመር ይጻፍ፤ የቀረውን ጽሕፈት ቤቱ ይሙላው። ያለ መምህሩ ሁለት መስመር ደብዳቤው ባይወጣ ይሻላል።

---

ከሐይቁ ዳር

ዛሬ ማታ በአዲሱ መለስኩ። ግለሰብና ድርጅት ብዬ ሁለት አማርኛ፣ አንድ እንግሊዝኛ አደረግሁት። ላዩን ባዶ ሳገኘው እጄ ራሱ ወደ እንግዳው ኢሜይል ተመልሶ ያነባል። አንድ ድርጅት ለ12 ሰው ክፍልና ትንሽ አዳራሽ ጠይቆ ነበር። ከታች በጥግ ላይ ሁለቱ ጾመኛ መሆናቸውን ጽፈዋል። በፊት ቢሆን አላየውም ነበር። «ለጾመኞቹ ቁርስ በሽሮና በፍርፍር እናዘጋጃለን፤ ሌላ የሚፈልጉት ካለ ከዋዜማው ንገሩን» ብዬ ከላይ ጻፍኩ።

የዋጋውን ነገር ግን ገና አልወሰንኩም። የበዓሉን ለብቻው አስቀምጬ ተራውን ባዶ ልተወው ብዬ አስቤያለሁ። አለቃዬ ደግሞ ሁሉም ይጻፍ ይላሉ። የሁለታችሁንም ሐሳብ አሳያቸዋለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መልስ ልኬ ዝም ላለ እንግዳ ሁለተኛ ጊዜ ስጽፍ ምን ልበል? «መልእክታችን ደርሶዎታል ወይ» የሚለው ቴምፕሌት አለኝ፤ ግን ደስ አይለኝም።

---

ጸሐፊዋ

አንቺው ቀደም ብለሽ ከጻፍሽው አንድ ነገር ያዢ። «ግራውንድ ያለውን ክፍል እስከ ሐምሌ 10 ይዘንልዎታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጠያቂ ስላለ ልንሰጠው ነው» ብለሽ በዚያው መልእክት ሥር `Reply` አድርጊ። እውነት ሌላ ጠያቂ ካለ ብቻ ነው እንዲህ የሚባለው። ከሌለ «እስከ ሐምሌ 10 ይዘንልዎታል» ይበቃል። ይህ ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው። ቴምፕሌትም አልሠራለትም።